ለዕድር ስብሰባ የተዘጋጀች የሦስት ደቂቃ ንግግር

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማታ ጎረቤታችን እትዬ በራችንን አንኳኩተው ገቡ። በእጃቸው ከልጃቸው ደብተር የተገነጠሉ ሦስት ወረቀቶች ይዘዋል፤ ፊቱም ጀርባውም በእስክሪብቶ ተሞልቷል። "በሰኔው የዕድር ስብሰባ ላይ ልናገር ተመዝግቤያለሁ። ሰብሳቢው ከሦስት ደቂቃ በላይ የለም ብለውኛል። አንተ ሬዲዮ ላይ ደቂቃ ስትቆጥር ነው የምትውለው፤ እስቲ እየው ልጄ" አሉኝ።

ብዙ ዓመት የሬዲዮ ዝግጅት ሳርም ኖሬያለሁ። ሦስት ደቂቃ ምን ያህል እንደምትይዝ አውቃለሁ። በእትዬ ንግግር ላይ ያጋጠመን ችግር ግን ከማሳጠር ያለፈ ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከጅራቱ ጀምረን እንደገና መሥራት ነበረብን። ያደረግነውን እዚህ የምጽፈው፣ ዕድርም ይሁን የወላጆች ስብሰባ ወይም የመሥሪያ ቤት ጉባኤ ላይ "ሦስት ደቂቃ አለህ" ለሚባል ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው። ያን ጊዜ ዕድሩ 184 አባላት ነበሩት፤ እያንዳንዱ በወር 100 ብር ያዋጣ ነበር። ሰው ሲሞት ዕድሩ ለቤተሰቡ 12 ሺህ ብር ይሰጥ ነበር፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ይመጣል። ለታመመ አባል ግን በደንቡ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አንዲት አባል አርፈው ዕድሩ እንደ ወጉ ቀብሯቸዋል። ከዚያ በፊት፣ መስከረም ላይ፣ ሐኪም አንድ የራጅ ምርመራ አዞላቸው ነበር። የጤና መድኅን ካርድ ነበራቸው፤ የሆስፒታሉ ማሽን ግን ተበላሽቶ ስለነበር ውጭ ተነሡ ተባሉ። ዋጋው 3,800 ብር ነበር። ገንዘቡ እስኪሰበሰብ አምስት ሳምንት ፈጀ። እትዬ ይህ ነገር ከሆዳቸው አልወጣም።

መጀመሪያ ወረቀቱን ጮክ ብለው እንዲያነቡት ጠየቅኋቸውና በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ስድስት ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሆነ። የመጀመሪያው 50 ሴኮንድ ያለቀው በሰላምታና በምስጋና ነው፤ ለሰብሳቢው፣ ለኮሚቴው፣ ለአባቶች፣ ለእናቶች፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ። ቀጥሎ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለው ተረት መጣ። ከዚያ ስለ ፍቅር፣ ስለ መተሳሰብ፣ ስለ ድሮው ዘመን፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ሌሎች ዕድሮች ምን እንደሚሠሩ። የሟቿ ታሪክ የመጣው አምስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። መጨረሻው ደግሞ "ስለዚህ ሁላችንም እንተሳሰብ፣ እንረዳዳ" የሚል ነበር።

"እንግዲህ ሰዎቹ ተስማሙ እንበል፤ ሲወጡ ምን ያደርጋሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ይረዳዳሉ።"

"እሁድ በአራት ሰዓት፣ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ በእጃቸው ምን ያደርጋሉ?"

ዝም አሉ። ሥራችን የተጀመረው ከዚህ ዝምታ ነው።

አንድን ሰው ለማሳመን የሚደረግ ንግግር የሚጻፈው ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። አድማጩ ከንግግሩ በኋላ የሚያደርገው ነገር ካልታወቀ፣ ከፊት ያለው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ምኑ እንደሚቆረጥም አይታወቅም። እትዬ ያስቡ የነበረው ደንቡ በዚያው ቀን እንዲለወጥ ነበር። የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ አስመጣንና አየነው። ደንቡን ለመለወጥ ረቂቁ አስቀድሞ ለአባላት መቅረብ አለበት ይላል። ስለዚህ "ዛሬ ደንቡን እንለውጥ" ቢሉ ሰብሳቢው "አጀንዳ ላይ የለም" ብለው በአንድ ቃል ይዘጉታል፤ ጥፋቱም የሰብሳቢው አይሆንም። ጥሪው ያ ስብሰባ በዚያ ሰዓት ሊያደርገው የሚችለው ነገር መሆን አለበት። ስብሰባው በዚያ ቀን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ሰዎች መምረጥ ነው። ስለዚህ ጥሪው ይህ ሆነ፦ ሦስት ሰው እንምረጥ፣ ረቂቅ አዘጋጅተው ለሚቀጥለው ወር ያምጡ። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን እጅ ሊወጣባት ትችላለች፣ ቀን አላት፣ ማን እንደሚሠራትም ይታወቃል።

ቀጥሎ ዋና ዋና ነጥቦቹን መምረጥ ነበረብን። በወረቀቱ ላይ አምስት ምክንያቶች ነበሩ፤ አምስቱም እውነት ናቸው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ምክንያት ማለት ግን መነሻውና ጥሪው ከተቀነሱ ለእያንዳንዱ 20 ሴኮንድ እንኳ አይደርስም ማለት ነው፤ ስሙ ተጠርቶ ያልፋል እንጂ ማንንም አያሳምንም። ሁለት ብቻ እንያዝ አልኩ። የትኞቹን? እትዬ ልባቸው ያዘነበለው ወደ ፍቅርና መተሳሰብ ነበር። እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አቀረብኩ፤ "እዚያ ስብሰባ ላይ እምቢ የሚለው ሰው ማነው? ምንስ ብሎ ነው እምቢ የሚለው?"

ወዲያው መለሱልኝ፤ ሰፈሩን ያውቁታላ። አንደኛው "መድኅን አለን አይደል እንዴ" ይላል። ሌላው፣ በተለይ ሽማግሌዎቹ፣ "ለቀብሬ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ልትጨርሱት ነው" ይላሉ። ሁለቱ ነጥቦች እነዚህ ሆኑ። መረዳዳት ጥሩ አይደለም የሚል ሰው በዚያ ድንኳን ሥር አይገኝም፤ ስለዚህ ስለ መረዳዳት ጥሩነት 40 ሴኮንድ ማጥፋት ቀድሞ የተስማማን ሰው ማስማማት ነው። የሚያከራክረው ገንዘቡና መድኅኑ ነው። አንድ ሰው እምቢታውን ራሱ ከመናገሩ በፊት ከተናጋሪው አፍ ሲሰማው፣ ሰውየው ተነሥቶ ለመናገር ያዘጋጀው ነገር በእጁ ላይ ይቀራል።

በዚህ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አላን ሞንሮ ያዘጋጀው ቅደም ተከተል አለ፦ ጆሮ መያዝ፣ ችግሩን ማሳየት፣ መፍትሔውን ማቅረብ፣ መፍትሔው ሲሠራ በዓይነ ኅሊና እንዲታይ ማድረግ፣ በመጨረሻ እርምጃውን መጠየቅ። ለእትዬ ስሙን አልነገርኳቸውም፤ ንግግራቸው ግን በመጨረሻ ወደዚሁ ቅርጽ መጣ። ያደረግነው ለውጥ፣ ጥያቄውን መጨረሻ ላይ ብቻ ሳይሆን ከመነሻው ታሪክ ቀጥሎም አንዴ መናገር ነው። የዕድር አድማጭ "ይቺ ሴት ምን ፈልጋ ነው?" እያለ ከሰማ ግማሹ ጆሮው በዚያ ጥያቄ ይያዛል፤ ቶሎ ቢነገረው ያርፋል።

ከዚያ መነሻው ነው። እትዬ ተረቱን ሊለቁት አልፈለጉም። "ያለ ተረት ምን ንግግር አለ?" ብለው ተቆጡ። ተረት በራሱ ጥፋት የለበትም። ነገር ግን "ድር ቢያብር" ስንል ሕዝቡ "አንበሳ ያስር" ብሎ ይጨርስልናል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ የሚመጣውን ያወቀው ይመስለዋል። መነሻ ደግሞ አድማጩ የማያውቀውን ወይም ያወቀውን ነገር በአዲስ ዓይን የሚያይበት መሆን አለበት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀብሩን ያውቃል። ስለ 3,800 ብሩ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ብቻውን መነሻ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ነበረብን። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። ታሪኩ የሟቿ ቤተሰብ ነው፤ ልጅቷም ስብሰባው ላይ ትገኛለች። እትዬ ሄደው አነጋገሯት፤ ስሟን ሳይጠሩ እንዲናገሩ ፈቀደች። እምቢ ብትል ኖሮ መነሻውን እንተወው ነበር፤ ሌላም ባናገኝ። ሁለተኛው፣ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ "ገንዘብ አጥታ ሞተች" የሚል ነበር። ያንን አናውቅም። ምርመራው ፈጥኖ ቢደረግ ምን ይሆን እንደነበር ሐኪም ብቻ ነው የሚናገረው። ስብሰባው ላይ ደግሞ አንድ ነርስ ወይም አንድ ዘመድ ተነሥቶ "እንደዚያ አይደለም" ቢል፣ የቀረው ሁለት ደቂቃ ተኩል ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

አማርኛም የራሱ ጣጣ አለው። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም አድማጩ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ሳያውቅ ይጠብቃል። የእትዬ ረቂቅ እንዲህ የሚል ነበረው፦ "ባለፈው መስከረም በጠና ታመው የታዘዘላቸውን ምርመራ በገንዘብ እጥረት ምክንያት በጊዜው ማድረግ ያልቻሉትን የዕድራችንን አባል የነበሩትን እህታችንን ሁኔታ ሁላችንም እናስታውሳለን።" ሲነበብ ችግር የለውም፤ ሲሰማ ግን ማን ምን እንደሆነ የሚታወቀው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ለጆሮ የሚጻፍ አማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ግሥ ቢኖረው ይበቃዋል። "ታመመች። ምርመራ ታዘዘላት። ገንዘቡ አልነበራትም።"

የቃላት ቁጥርም ላይ አንድ ነገር ልበል። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በደቂቃ 130 ወይም 150 ቃል ቁጠር ይላሉ። ያ ለእኛ አይሠራም፤ "አልነበራትም" ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እነሱ በሦስትና በአራት ቃል ይሉታል። እትዬ ረጋ ብለው ሲናገሩ በደቂቃ ወደ 80 ቃል ነው የሚሄዱት። ሦስት ደቂቃ ስለዚህ 240 ቃል አካባቢ ይሆናል። ለትንፋሽና ለሚያቋርጥ ሰው ቦታ ትተን 220 አካባቢ ላይ አቆምን። ሌላ ሰው የራሱን ፍጥነት ማወቅ ከፈለገ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ለአንድ ደቂቃ ያንብብና ይቁጠር።

በመጨረሻ የተስማማንበት ጽሑፍ ይህ ነው፦

"እንደምን አደራችሁ።

ባለፈው ኅዳር ይህ ዕድር ለአንዲት እህታችን ቀብር 12 ሺህ ብር አወጣ። ደግ አደረግን። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ያቺው እህታችን ለአንድ ምርመራ 3,800 ብር አጥታ አምስት ሳምንት ጠብቃለች። ምርመራው ቶሎ ቢሆን ትድን ነበር አልልም፤ እሱን ፈጣሪ ያውቃል። እኔ የምለው፣ እነዚያን አምስት ሳምንታት ብቻዋን ነበረች ነው። እኛ ድንኳናችንን ይዘን የደረስነው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምናገረው ልጇን አስፈቅጄ ነው።

ዛሬ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው የቆምኩት። ዕድራችን ለታመመ አባልም የሚደርስበትን መንገድ የሚያጠኑ ሦስት ሰዎች እንምረጥ።

ሁለት ጥያቄ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንደኛው፣ 'መድኅን እያለ ይህ ለምን አስፈለገ?' የሚል ነው። መድኅኑ ጥሩ ነው፤ እኔም ካርዱ አለኝ። እሷም ነበራት። ነገር ግን ማሽኑ ተበላሽቷል ተብላ ውጭ ስትላክ፣ ካርዱ አልሠራላትም። መድኃኒቱ አልቋል ስንባልም ከውጭ የምንገዛው በኪሳችን ነው። ከመካከላችን ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ባዶ እጁን የተመለሰ አለ። እኔ ራሴ ተመልሻለሁ።

ሁለተኛው፣ 'የቀብሩ ገንዘብ ያልቃል' የሚል ነው። የቀብሩን ገንዘብ ማንም አይነካውም። እኔ የማስበው በየወሩ 20 ብር ለብቻ እንድናዋጣ ነው። ለብቻው ይመዝገብ፣ ለብቻው ይቀመጥ። 184 ነን። በስድስት ወር ከ22 ሺህ ብር ይበልጣል። ለአንድ ሰው እስከ 4 ሺህ ብር ብንሰጥ አምስት ሰው እንደርሳለን። ስድስት ወር እንሞክረው። ካልሠራ ይቅር፤ የተረፈው ወደ ዕድሩ ይግባ።

ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ማዘዣ ይዞ ወደ ሰፈር ሲመለስ፣ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። የገንዘብ ያዣችንን በር።

ደንቡን ዛሬ እንለውጥ አላልኩም። ሦስት ሰው እንምረጥ፤ ረቂቁን ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ያምጡ። አንዷ እኔ ለመሆን ፈቃደኛ ነኝ። ሰብሳቢያችን፣ አሁኑኑ ድምፅ ያሰጡልን።"

ልምምዱን ያደረግነው እኛ ግቢ ውስጥ ቆመው ነው። ተቀምጦ ማንበብና ቆሞ መናገር ትንፋሹ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ዙር ሦስት ደቂቃ ከአሥር፣ አራተኛው ሁለት ከአርባ አምስት ሆነ። ሁሉንም በቃል መያዝ አላስፈለገም። በቃል እንዲይዙ ያደረግኋቸው መነሻዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮችና መዝጊያውን ብቻ ነው፤ ሰው ቀና ብሎ ሕዝቡን ማየት ያለበት በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነውና። በተጨማሪም "መድኃኒቱ አልቋል" ከሚለው እስከ "ተመልሻለሁ" ያለውን በእርሳስ ከበብነው። ጊዜ ካጠረ የሚዘለለው እሱ ነው። የሚዘለል ቦታ አስቀድሞ ካልተመረጠ፣ ሲጨንቅ የሚቆረጠው መጨረሻው ይሆናል፤ መጨረሻው ደግሞ ጥሪው ነው።

ስብሰባው የተደረገበት እሁድ ዕለት እኔም ሄድኩ። 97 ሰው ነበር። "እንደምን አደራችሁ" ሲሉ የሰዉ ምላሽ ራሱ አሥር ሴኮንድ ወሰደ። ሁለቱ ቁጥሮች ሲነገሩ ከኋላ ይሰማ የነበረው ወሬ ቆመ። "ልጇን አስፈቅጄ ነው" ሲሉ ግን ያላሰብነው ነገር ሆነ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ልጅቷን አየ፣ አንዲት እናት ማልቀስ ጀመሩ። እትዬ ቆም አሉ። ቆም ማለታቸው ትክክል ነበር፤ በለቅሶ ላይ ቢናገሩ ማንም አይሰማቸውም። ወደ 20 ሴኮንድ ሄደ። በእርሳስ የተከበበውን ዘለሉት። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እትዬ "ደንቡን ዛሬ እንለውጥ አላልኩም" ላይ ደርሰው ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ቀሪውን በቃላቸው ጨረሱ።

ድምፁ ወዲያው አልተሰጠም። 40 ደቂቃ ክርክር ተደረገ። ሦስት ደቂቃ ክርክሩን አያስቀርም፤ የሚያደርገው ክርክሩ ስለ ምን እንደሚሆን መወሰን ነው። "መድኅን አለን" ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም ሌሎች ራሳቸው መለሱለት። የቀብሩን ገንዘብ ያነሡት ሽማግሌ "ለብቻው ይቀመጣል ተብሏል" ሲባሉ ተቀመጡ። በመጨረሻ 71 እጅ ወጣ። ሐምሌ ላይ የቀረበው ረቂቅ እትዬ ካሰቡት ተለውጦ ነው የጸደቀው፤ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ያለ ወለድ የሚመለስ ብድር ሆነ፣ መጠኑም ከ4 ሺህ ወደ 3 ሺህ ብር ወረደ።

ከክርክሩ ግማሹን የበላው እኛ ጨርሶ ያላየነው ጥያቄ ነበር፦ "ታምሜያለሁ ያለ ሁሉ ሊወስድ ነው? የሚያጣራው ማነው?" እትዬ እምቢ የሚለውን ሰው ሲያስቡ ገንዘብ የሚሰስተውን አሰቡ እንጂ ጎረቤቱን የሚጠራጠረውን አላሰቡም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ያንን ንግግር ዛሬ ባርመው "እኔም ካርዱ አለኝ" እና "እኔ ራሴ ተመልሻለሁ" የሚሉትን አውጥቼ፣ "አምስት ሰው እንደርሳለን" ከሚለው ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባ ነበር፦ "የሐኪሙን ማዘዣ አይተው የሚፈቅዱት ኮሚቴው የሚመርጣቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ገንዘቡም ማዘዣው ላይ ካለው ዋጋ አይበልጥም።"